ምክንያቱ ሳይነገር የተቆረጠ ደመወዝ፦ ሠራተኛው ምን ብሎ ይጻፍ?

ደመወዝ መግባቱን ዛሬ ለብዙ ሠራተኛ የሚነግረው ከባንክ የሚላክ አጭር የስልክ መልእክት ነው። መልእክቱ የገባውን የብር መጠን ይናገራል፤ እንዴት እንደተሰላ ግን አይናገርም። ስለዚህ ከወትሮው ያነሰ ገንዘብ የደረሰው ሠራተኛ በዚያች ሰዓት የሚያውቀው መጉደሉን ብቻ ነው። ለምን ጎደለ? ማን ወሰነ? በሚቀጥለው ወርስ ይደገማል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የለውም።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በየመሥሪያ ቤቱ የተለመደ ነው። ሠራተኛው ፋይናንስ ክፍል ይሄዳል፤ «እኛ የታዘዝነውን ነው የምንሠራው፣ አስተዳደርን ጠይቅ» ይባላል። አስተዳደር ደግሞ «ፔሮሉን የሚሠራው ፋይናንስ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። አለቃው «አጣራለሁ» ይላል። ሳምንት ያልፋል፤ ወር ይተካል። ይህ ሁሉ በቃል የተባለ ስለሆነ፣ ነገሩ ወደ ክርክር ቢያመራ ሠራተኛው መጠየቁንም ሆነ የተሰጠውን መልስ የሚያሳይበት አንዲት ወረቀት አይኖረውም።

ለአሠሪው የሚጻፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ደብዳቤ እንደ ብሶት መግለጫ ይቆጥረዋል። ዋናው ሥራው ግን ሌላ ነው፤ አሠሪው የቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ያደርገዋል። ምክንያቱ ወረቀት ላይ ከሰፈረ በሕጉ ሊመዘን ይችላል። በቃል የተነገረ ምክንያት ግን ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ የሚለው

በኢትዮጵያ በግል ድርጅቶችና በመሳሰሉት የሚሠሩ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሚመሩበት የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የሚነገረው እነሱን አይመለከትም። በቤት ውስጥ ሥራ የተቀጠሩና በሥራ መሪነት ደረጃ ያሉ ሰዎችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው።

ስለ ደመወዝ ቅነሳ የሚናገረው የአዋጁ አንቀጽ 59 ነው። አንቀጹ የሚነሣው ከክልከላ ነው፤ አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቀነስ አይችልም። የሚፈቀድለት በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደነገግ፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ በሕግ የሚቀነሱ ናቸው። ፍርድ ቤት ያዘዘው የልጅ ቀለብ በትእዛዝ ይቀነሳል። የቁጠባና ብድር ማኅበር ክፍያ፣ የሠራተኞች ዕድር መዋጮና ከድርጅቱ የተወሰደ የደመወዝ ብድር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሠራተኛው ፈርሞ የፈቀዳቸው ናቸው። ከነዚህ በሮች በአንዱ ያልገባ ቅነሳ፣ የአሠሪው ምክንያት ምንም ያህል አሳማኝ ቢመስል፣ ሕጋዊ መሠረት የለውም።

ያው አንቀጽ ሁለተኛ ገደብም ያስቀምጣል። በአንድ ጊዜ የሚቀነሰው ገንዘብ በማንኛውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ይህ ገደብ በሁለቱም ወገን በስሕተት ሲጠቀስ ይሰማል። አንዳንድ አሠሪዎች «ከአንድ ሦስተኛ በታች ስለሆነ መቁረጥ እንችላለን» ይላሉ። ገደቡ ግን ፈቃድ አይደለም። በመጀመሪያ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱ መኖር አለበት፤ ምክንያቱ ከተገኘ በኋላ ነው መጠኑ የሚለካው። ያለ ምክንያት የተቆረጠ አምሳ ብርም ቢሆን ሕገ ወጥ ነው።

ለደብዳቤው ጸሐፊ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 60 ነው። አሠሪው የክፍያ ሰነድ እንዲይዝ ግዴታ ይጥልበታል፤ ሰነዱም ጠቅላላ ደመወዙን፣ የተሰላበትን ዘዴ፣ የተቀነሰውን ገንዘብ መጠንና ዓይነት፣ የተጣራውንም ክፍያ ማሳየት አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅ ደግሞ አሠሪው ሰነዱን የማሳየትና በውስጡ ያለውን የማስረዳት ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ይህ ገንዘብ ለምን ተቀነሰ?» ብሎ የጻፈ ሠራተኛ ሕግ የሰጠውን መልስ እየጠየቀ ነው።

በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ብዙ ሠራተኞች የማያውቁት ሌላ ነጥብ አለ። ሠራተኛው በሰነዱ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ቀሪ ደመወዙን እንደተወ አያስቆጥርበትም። «ፈርመሽ ወስደሻል፣ አሁን ምን ትያለሽ?» ለሚል አለቃ ሕጉ አስቀድሞ መልስ ሰጥቶበታል።

ከመጻፍ በፊት ቁጥሩን መመርመር

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአዲስ አበባ በአንድ ሱፐርማርኬት በገንዘብ ተቀባይነት የምትሠራ ወጣት አለች እንበል። የወር ደመወዟ 12,000 ብር ነው። ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በባንክ ሒሳቧ የገባው 7,110 ብር ነው። ባለፉት ወራት ይገባላት የነበረው 8,910 ብር ስለነበር 1,800 ብር ጎድሏል።

ብዕር ከማንሣቷ በፊት ማድረግ ያለባት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ መመርመር ነው። መጀመሪያ የምታየው መደበኛ ተቀናሾቿን ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ማሻሻያ መሠረት፣ ከ10,000 ብር በላይ እስከ 14,000 ብር የሆነ የወር ደመወዝ በ30 በመቶ ይባዛና ከውጤቱ 1,350 ብር ይነሣለታል። የ12,000 ብር 30 በመቶ 3,600 ብር ነው፤ 1,350 ሲነሣለት ግብሩ 2,250 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮዋ ከደመወዟ 7 በመቶ ማለትም 840 ብር ነው። አሠሪዋ ለጡረታ የሚከፍለው 11 በመቶ ከእሷ ደመወዝ የሚወጣ አይደለም። ሁለቱ ተቀናሾች ሲደመሩ 3,090 ብር ናቸው፤ ከ12,000 ብር ሲቀነሱ የሚቀረው 8,910 ብር ነው። ስለዚህ ግብሩም ጡረታውም በትክክል ተይዟል፤ 1,800 ብሩ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ቀጥሎ የሚጠረጠረው የቀረችባቸው ቀናት ሒሳብ ነው። ድርጅቶች የቀን ደመወዝ ሲያወጡ አንዳንዱ ለ30፣ አንዳንዱ ለ26 ያካፍላል። በ30 ሲካፈል የእሷ ቀን 400 ብር ነው፤ 1,800 ብር አራት ቀን ተኩል ይሆናል። በ26 ሲካፈል ቀኑ ወደ 461 ብር ከ54 ሳንቲም ይጠጋል፤ 1,800 ብር አራት ቀን እንኳ አይሞላም። እሷ ደግሞ በኅዳር አንድም ቀን አልቀረችም። በአመት ፈቃድ ወይም ሐኪም በጻፈላት የሕመም ፈቃድ የቆየች ቢሆን ኖሮ የፈቃዱን ወረቀት ፎቶ ኮፒ መፈለግ ነበረባት፤ ጸድቆ የነበረ ፈቃድ ፋይናንስ ክፍል ሳይደርስ ቀርቶ እንደ መቅረት ሊቆጠር ይችላልና።

ሦስተኛው ምርመራ ራሷ የፈረመችባቸውን ወረቀቶች ማየት ነው። የደመወዝ ብድር ወስዳ ነበር? ለቁጠባ ማኅበር ፈርማለች? ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች የወጪ መጋራት ክፍያ ተጀምሮባት ይሆን? በቅጥር ውሏ ውስጥ «ጉድለት ቢገኝ ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል ቃል አለ? ይህን ሳያዩ «ያልተስማማሁበት ነው» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። አሠሪው የተፈረመውን ውል መዝዞ ካወጣ የደብዳቤው ተአማኒነት በዚያው ያበቃል። የእኛ ሠራተኛ ውሏን አንብባለች፤ እንዲህ ያለ ቃል አላገኘችበትም።

ሌላም የሚለይ ነገር አለ። የጎደለው ደመወዙ ነው ወይስ አበሉ? በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ ማለት ሠራተኛው ለሚሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበል፣ ጉርሻና የመሳሰሉት በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። የትራንስፖርት አበሉ የቀረበት ሠራተኛ ጥያቄ ሊኖረው ይችላል፤ ጥያቄው ግን የሚያርፈው በውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ላይ ነው። ደብዳቤውም በዚያ መንገድ መጻፍ አለበት።

ደብዳቤውን የሚያበላሹ ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው ቁጥርና ቀን አለመጥቀስ ነው። «ደመወዜ በተደጋጋሚ ያለ አግባብ እየተቆረጠብኝ ስለሆነ እንዲታይልኝ» የሚል ደብዳቤ ምን ያህል፣ ከየትኛው ወር፣ መቼ የሚለውን ስለማይናገር አሠሪው «አይተነዋል» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ቁጥር የያዘ ጥያቄ ግን በቁጥር ካልሆነ አይመለስም።

ሁለተኛው በንዴት መክሰስ ነው። ፋይናንስ ኃላፊውን ወይም አለቃን «ሌባ» ብሎ መጻፍ ስለ ደመወዝ የተነሣውን ጉዳይ ወደ ስድብና ሥነ ሥርዓት ጉዳይ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ጥያቄ የሚቀርብለት ሠራተኛው ይሆናል። ቅነሳው ተራ የሒሳብ ስሕተት የሆነበት ጊዜም ብዙ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሳያውቁ ማመን። «ጉድለቱ የእኔ ብቻ ጥፋት አይደለም» ብሎ የጻፈ ሰው ጉድለት መኖሩንም፣ የራሱ ድርሻ እንዳለበትም በፊርማው አረጋግጧል። «ለዚህ ጊዜ ይቅርታ ተደርጎልኝ ገንዘቡ ይመለስልኝ» ያለም ቅነሳው ትክክል እንደነበረ ተቀብሏል። «አንድ ጊዜ ከሚቆረጥብኝ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቆረጥ» የሚል ማመልከቻ ደግሞ ሕጉ የጠየቀውን የጽሑፍ ስምምነት ለአሠሪው ያስረክበዋል። ምክንያቱ ባልታወቀ ቅነሳ ላይ የሚጻፍ ደብዳቤ ምክንያቱን ራሱ መገመት የለበትም፤ መጠየቅ ነው ያለበት።

ደብዳቤው

የእኛ ሠራተኛ ክፍያው ከገባ በሦስተኛው ቀን የሚከተለውን ጻፈች።

> ቀን፦ ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር መምሪያ
> አዲስ አበባ
>
> ጉዳዩ፦ ከኅዳር 2018 ደመወዜ ላይ የተቀነሰው 1,800 ብር ምክንያት በጽሑፍ እንዲገለጽልኝና ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ
>
> በድርጅቱ በገንዘብ ተቀባይነት የሥራ መደብ በወር ደመወዝ 12,000 ብር ተቀጥሬ በመሥራት ላይ እገኛለሁ። ከዚህ ደመወዝ ላይ የሥራ ግብር 2,250 ብርና የጡረታ መዋጮ 840 ብር እየተቀነሰ በየወሩ 8,910 ብር ሲከፈለኝ ቆይቷል። ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም. በባንክ ሒሳቤ የገባው ግን 7,110 ብር ነው።
>
> ተጨማሪው 1,800 ብር ስለሚቀነስበት ምክንያት በጽሑፍ የደረሰኝ ማስታወቂያ የለም። ገንዘቡ እንዲቀነስ በጽሑፍ የሰጠሁት ስምምነትም የለም። በኅዳር ወር ከሥራ የቀረሁበት ቀን የለም።
>
> ስለሆነም በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 እና 60 መሠረት፦
>
> 1. የኅዳር ወር የክፍያ ሰነዴ ቀርቦ 1,800 ብሩ በምን ዓይነት ተቀናሽ እንደተመዘገበ እንዲገለጽልኝ፤
> 2. ቅነሳው የተመሠረተበት የሥራ ደንብ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ሌላ ሰነድ ካለ አንቀጹ ተጠቅሶ ቅጂው እንዲሰጠኝ፤
> 3. ይህ መሠረት ከሌለ 1,800 ብሩ ከታኅሣሥ ወር ደመወዜ ጋር እንዲመለስልኝና ተመሳሳይ ቅነሳ እንዳይደገም እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።
>
> መልሱ እስከ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም. በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እያሳሰብሁ፣ የጥቅምትና የኅዳር ወራት የባንክ መግለጫዬን 2 ገጽ አያይዣለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> (ፊርማና ሙሉ ስም)
>
> ግልባጭ፦
> ለፋይናንስ መምሪያ
> ለመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የመጀመሪያው አንቀጽ ሒሳቡን ያሳያል፤ ማንም ሰው ካልኩሌተር ይዞ ሊያረጋግጠው ይችላል። ሁለተኛው አንቀጽ ሦስት «የለም» ይዟል፤ ሦስቱም አስቀድማ ያጣራቻቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ በቁጥር የተለያዩት አሠሪው አንዱን መልሶ ሌላውን እንዳያልፍ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ «መሠረት ከሌለ» በሚል ስለታሠረ ክስ አይመስልም፤ ገንዘቡ እንዲመለስ መጠየቋን ግን በማያሻማ ሁኔታ ያሳያል። የመልሱን ቀን የወሰነችው ራሷ ናት፤ ቀን ያልተቀመጠለት ጥያቄ «በሒደት ላይ ነው» እየተባለ ወራት ሊቆይ ስለሚችል ሁለት ሳምንት መስጠቷ ተገቢ ነው።

የተጻፈው ደብዳቤ መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለው እንዳልተጻፈ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ በሁለት ቅጂ ታትሞ መዝገብ ቤት ይገባል፤ አንደኛው እዚያ ሲቀር በሠራተኛዋ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ የተቀባይ ፊርማና ማኅተም ይደረግበታል። መዝገብ ቤት የሌለው ትንሽ ድርጅት ከሆነ የተቀበለው ኃላፊ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። «አንቀበልም» ከተባለ ደብዳቤው በሪኮማንዴ ፖስታ ይላካል፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ይቀመጣል። ለድርጅቱ ኢሜይል መላክም ይጠቅማል። አለቃ ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት ግን ማስረጃ አይሆንም።

መልስ ሲመጣ

ሊሆን ከሚችለው ሁሉ ቀላሉ ስሕተት መሆኑ ነው። የሌላ ሰው ብድር በእሷ ስም ተይዞ፣ ወይም ፈቃዷ ሳይመዘገብ ቀርቶ ከሆነ በሚቀጥለው ፔሮል ይስተካከላል። ያን ጊዜም ቢሆን መስተካከሉን በጽሑፍ መቀበል ጥሩ ነው።

በእኛ ምሳሌ ግን የመጣው መልስ እንዲህ ይላል እንበል፤ «በጥቅምት ወር በተደረገ የሒሳብ ማጣራት በእርስዎ ካዝና 1,800 ብር ጉድለት በመገኘቱ ተቀንሷል።» ደብዳቤው ሥራውን ሠርቷል፤ ምክንያቱ ወረቀት ላይ ወጥቷል። አሁን ሁለት ጥያቄዎች ተለይተው መታየት አለባቸው።

አንደኛው ጉድለቱ በእርግጥ ነበር ወይ የሚለው ነው። ገንዘቡ ሲቆጠር እሷ ነበረች? በቆጠራው ሰነድ ላይ ፈርማለች? በዚያው ካዝና በሌላ ፈረቃ የሠራ ሰው አለ? እነዚህ የፍሬ ነገር ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸው በሰነድና በምስክር ይገኛል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። ጉድለቱ ነበር ቢባል እንኳ አሠሪው ገንዘቡን በራሱ እጅ ከደመወዟ ላይ መውሰድ ይችላል? አንቀጽ 59 የሚመልሰው ይህንን ነው። የድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ይህን የሚፈቅድ ድንጋጌ ከሌለው፣ እሷም በጽሑፍ ካልተስማማች፣ አሠሪው ጉድለቱን በክስ መጠየቅ ይችላል እንጂ ራሱ ፈርዶ ራሱ ሊቆርጥ አይችልም። መልሱ የጉድለቱን ታሪክ ነግሮ የቀነሰበትን ሥልጣን አልጠቀሰም። የሠራተኛዋ ሁለተኛ ደብዳቤም በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ያርፋል፤ በመጀመሪያው ደብዳቤ በተራ ቁጥር 2 የጠየቀችው የደንቡ አንቀጽና ቅጂ አልተሰጣትም፤ እንዲሰጣት፣ ከሌለ ገንዘቡ እንዲመለስላት ትጠይቃለች። ስለ ጉድለቱ መኖር ግን የምትለው «አላምንም» ብቻ ነው።

መልሱ የሥራ ደንቡን ቁጥር ጠቅሶ፣ ቅጂውንም አያይዞ ቢመጣ ነገሩ ይለወጣል። ያኔ የሚታየው ደንቡ ስለ ገንዘብ ጉድለት በእርግጥ ይናገራል ወይ፣ ከመቀነሱ በፊት መፈጸም ያለበት ሥርዓት ካለ ተከብሯል ወይ የሚለው ነው። 1,800 ብር የ12,000 ብር አንድ ሦስተኛ ከሆነው ከ4,000 ብር በታች ስለሆነ በመጠኑ በኩል የሚነሣ ጥያቄ የለም። አንዳንድ ጊዜ ደብዳቤው የሚያሳየው ቅነሳው ሕጋዊ እንደነበረ ነው፤ ያንንም በሰነድ ማወቅ በሐሜት ከመቆጨት ይሻላል።

ብዙዎች ከመጻፍ የሚቆጠቡት «ያባርሩኛል» ብለው በመፍራት ነው። አዋጁ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡን የሥራ ውል ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት ሊሆኑ ከማይችሉት መካከል ዘርዝሮታል። ይህ ጥበቃ ግን የሚሠራው ቅሬታው መቅረቡ ሲረጋገጥ ነው። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በዚህም በኩል ይጠቅማል፤ ከደብዳቤው በኋላ በድንገት የመጣ ስንብት ከቀኑ ጋር ተያይዞ ሊታይ ይችላል።

ደብዳቤው የማያስቆመው ሰዓት

በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጎዳው በአንድ ነገር ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሠራተኛው ደብዳቤ ጽፎ መልስ ሲጠብቅ፣ «ቦርዱ ያየዋል» ሲባል፣ «በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ይስተካከላል» ሲባል ስድስቱ ወር ይሞላል። ለአሠሪው ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይህን ጊዜ አያቋርጠውም።

የይርጋውን ቆጠራ የሚያቋርጡት አዋጁ የዘረዘራቸው ናቸው። ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ሲቀርብ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው ባለ ሥልጣን አቤቱታ ሲቀርብ፣ ወይም አሠሪው የሠራተኛውን መብት በግልጽ ሲያምን ቆጠራው ይቋረጣል። እዚህ ላይ ደብዳቤው ሌላ ጥቅም ይኖረዋል። አሠሪው በመልሱ «1,800 ብሩ በስሕተት የተቀነሰ መሆኑን አረጋግጠናል፣ ወደፊት እንከፍላለን» ብሎ ከጻፈ፣ ያ ወረቀት የእምነት ማስረጃ ነው። «እያየነው ነው» የሚል መልስ ግን ምንም ነገር አላመነም።

የእኛ ሠራተኛ ገንዘቡ ሊከፈላት የሚገባው ኅዳር 30 ቀን 2018 ነበር። ስለዚህ ጉዳዩን ግንቦት ሳያልቅ ክስ ማድረስ አለባት። ቅነሳው በታኅሣሥና በጥርም ተደግሞ ከሆነ የእያንዳንዱ ወር ስድስት ወር ለየብቻው ይቆጠራል፤ የመጀመሪያው ወር ሲያመልጥ የኋለኞቹ ገና ሊጠየቁ ይችላሉ። ሁለት ሳምንት ለመልስ፣ ሁለት ሳምንት ለሁለተኛው ደብዳቤ ሰጥታ በጥር መጀመሪያ ላይ ወደሚቀጥለው በር ብትሄድ በቂ ጊዜ ይኖራታል።

የሚቀጥለው በር መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበሩ ነው፤ ማኅበር ባለበት ድርጅት ነገሩ ብዙ ጊዜ በዚያ ሊያልቅ ይችላል። ከዚያ በአካባቢው ያለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት አለ። በመጨረሻም ፍርድ ቤት ነው። የደመወዝ ጥያቄ የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ የሚታየው በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ በአዲስ አበባም ወደ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ሠራተኛው ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አዋጁ ችሎቱ ክሱ በቀረበለት በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ባይሠራበት እንኳ ሠራተኛው ሊጠቅሰው የሚችለው ቃል ነው። ችሎቱ ዘንድ የሚቀርበው ማስረጃ የቅጥር ውሉ፣ የባንክ መግለጫው፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤና የአሠሪው መልስ ነው። አሠሪው መልስ ሳይሰጥ ቢቀር፣ ሕግ ያዘዘውን ማብራሪያ ተጠይቆ ዝም ማለቱን ያው ማኅተም ያለበት ቅጂ ይመሰክራል።

ስለዚህ ደመወዙ ያለ ምክንያት የጎደለበት ሠራተኛ በዚያው ሳምንት ውሉን ያንብብ፣ ሒሳቡን ይሥራ፣ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያስገባ፤ ስድስት ወሩ የሚሞላበትን ቀንም ከገቢ ቁጥሩ አጠገብ በራሱ ቅጂ ላይ ይጻፍ።